የፀጉር ዓይነት ሰንጠረዥና «4ሲ» የተባለው ረድፍ

ፀጉርን በጥቅልሉ ጥብቀት ከ1 እስከ 4 በቁጥር፣ ከዚያም በኤ፣ በቢና በሲ የሚከፋፍለው ሰንጠረዥ በቅባትና በሻምፑ ማሸጊያ፣ በፀጉር ቤቶችና በቪዲዮ መመሪያዎች ላይ የተለመደ መግባቢያ ሆኗል። መነሻው የአሜሪካዊው ፀጉር ሠሪ የአንድሬ ዎከር ምደባ ነው። ለረጅም ዓመታት የኦፕራ ዊንፍሬይን ፀጉር ይሠራ የነበረው ዎከር፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ ፀጉርን በአራት ከፈለው፤ 1 ሉጫ፣ 2 ሞገዳማ፣ 3 ጥቅልል፣ 4 ከርዳዳ። እሱ ለ3 እና ለ4 የሰጣቸው ሁለት ሁለት ንዑስ ክፍል ብቻ ነበር። 3ሲና 4ሲ በኋላ የመጡ ናቸው፤ የጨመሯቸውም በሰንጠረዡ ውስጥ የራሳቸውን ፀጉር ያላገኙ የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ትችት በአደራደሩ ላይ ያነጣጥራል። ቁጥሩ የሚጀምረው ከሉጫ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተራ የሚይዘው ከሉጫ ምን ያህል እንደራቀ ታይቶ ነው። ይህ ለፊደል ተራ ያህል ብቻ የተደረገ ነው ብሎ መከራከር ይቻል ነበር፤ ዎከር ራሱ ግን ክርክሩን አከበደው። እ.ኤ.አ. በ2011 ለአንድ መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ ሰው ተፈጥሯዊ ፀጉሩን እንዲቀበል ከመከረ በኋላ፣ ከርዳዳ ፀጉር የአሠራር አማራጩ ውስን ሊሆን እንደሚችልና በኬሚካል እንዲለሰልስ የሚመክረው ይህንን ዓይነት ብቻ እንደሆነ ተናገረ። አራተኛው ዓይነት ለብቻው መታረም ያለበት ተደርጎ መቅረቱ ብዙዎችን አስቆጣ። ጥቅልሉ ላላ ያለን ፀጉር ከጠበቀው አብልጦ የማየት ልማድ ቴክስቸሪዝም የሚባል ስም ወጥቶለታል። ይህ አድልዎ ከዎከር በፊትም ነበር፤ ሰንጠረዡ የሰጠው ነገር ቢኖር ቁጥር ነው።

ተቺዎች አንዳንዴ የሰንጠረዡን ዘር ወደ ጀርመናዊው የዘር ተመራማሪ ኦይገን ፊሸር ይመዝዛሉ። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1908 በዛሬዋ ናሚቢያ የሬሆቦት ሕዝብን ያጠና ሰው ነው፤ በስሙ የሚጠራ የፀጉር መለኪያም አለው። ነገር ግን መለኪያው የተሠራው ቀለምን ለማመሳከር ስለሆነ፣ የዎከርን ምደባ የእሱ ቀጥተኛ ልጅ ማድረግ አያስኬድም። በአፓርታይድ ዘመን በደቡብ አፍሪካ ይሠራበት የነበረው የእርሳስ ፈተና ለነገሩ ይበልጥ ይቀርባል። እርሳስ ፀጉር ውስጥ ይሰካል፤ ከወደቀ ሰውየው እንደ ነጭ ሊቆጠር ይችላል፣ ከተያዘ ግን አይቆጠርም። ውጤቱም የት እንደሚኖርና ከማን ጋር እንደሚጋባ እስከመወሰን ይደርስ ነበር። ስለ ፀጉር ጥቅልል የሚወጣ ማንኛውም ደረጃ እንዲህ ባለ ትዝታ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሁለተኛው ትችት ስለ መለኪያው ነው፤ በእኔ ግምት ከፊተኛው ይልቅ የሚጠናው ይህ ነው። ሦስተኛው ዓይነት የሚለየው በጥቅልሉ ስፋት ነው፤ 3ኤ እንደ ወፍራም ጠመኔ፣ 3ሲ እንደ እርሳስ ይባላል። አራተኛው ላይ ሲደረስ መስፈርቱ ይቀየራል። 4ኤ ገና ጥቅልል ነው፤ 4ቢ ግን ስለታም እጥፋት ያለው ዚግዛግ ይባላል፣ 4ሲ ደግሞ «ቅርጽ የሌለው» ይባላል። በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ አንዱ በስፋቱ፣ ሌላው በእጥፋቱ፣ የመጨረሻው ባጣው ነገር ተለካ ማለት ነው። ከ4ሲ ጭንቅላት የረገፈች አንዲት ዘለላ ታጥባ ውኃ ባለበት ነጭ ሳህን ላይ ብትቀመጥ ግን ቅርጿ ብዙውን ጊዜ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ስፋታቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ ክቦች ወይም የታጠፉ ጠመዝማዞች ናቸው። ቅርጽ የለውም ያሰኘው ዘለላዎቹ ደርቀው እርስ በርስ ሲጠላለፉ ከሩቅ የሚታየው ገጽታ ነው።

አንድ ጭንቅላት እንውሰድ። ግንባር አካባቢ ያለው ፀጉር 4ኤ፣ የማጅራቱ 3ሲ፣ የመሃል አናቱ 4ሲ ቢሆን የሚያስገርም አይደለም፤ ጥቅልሉን የሚወስነው እያንዳንዱ ዘለላ የሚበቅልበት ሥር መጣመምና ከጎን ወደ ጎን እኩል አለመሆኑ ስለሆነ፣ የአንድ ሰው ሥሮች ደግሞ ሁሉም አንድ አይደሉም። ከአናቱ የተወሰደች ዘለላ ስትለጠጥ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ስትለቀቅ 6 ሴንቲ ሜትር ብትሆን 70 በመቶ ተሰብስባለች ማለት ነው። ከታጠበችና ተሸርባ ከደረቀች በኋላ ግን 12 ሴንቲ ሜትር ላይ ልትቆም ትችላለች። በፀጉሩ ውስጥ ያሉት የሃይድሮጂን ትስስሮች ውኃ ሲነካቸው ይላቀቃሉ፣ ሲደርቁ ደግሞ በያዙት ቅርጽ እንደገና ይያያዛሉ። ስለዚህ ምደባው ፀጉሩ እርጥብ ሳለ፣ ቅባት ተቀብቶ ወይም ጭራሽ ምንም ሳይነካው መካሄዱ ውጤቱን ይለውጠዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ በጄል የተያዘውን ፀጉሩን አይቶ 4ኤ ነኝ ይላል። በፓይስትራ የተጎዳ ጫፍም ሥሩ ጠምዛዛ ሆኖ ሳለ ቀጥ ብሎ ይቀራል፤ ጉዳት እንጂ ሌላ ዓይነት አይደለም።

ሰንጠረዡ የማያየው ደግሞ አለ። ሁለት ሰዎች 4ኤ ተብለዋል እንበል። የአንደኛዋ ዘለላ ቀጭን ነው፣ ቀለም ነክቶት አያውቅም፣ ውኃውም ላዩ ላይ እንደ ጤዛ ይቆማል። የሁለተኛዋ ወፍራም ነው፣ ብሊች ስለተደረገ ውኃ ቶሎ ይጠጣል፣ ቶሎም ይደርቃል። ለፊተኛዋ ከባድ ቅባት ፀጉሯን አጣብቆ ይጥለዋል፤ ለሁለተኛዋ ያው ቅባት እፎይታ ሊሆን ይችላል። «ለ4ኤ የተዘጋጀ» የሚለው ጽሑፍ ለሁለቱም አንድ ምክር ይሰጣል። የውፍረት፣ የብዛትና የውኃ አሳላፊነት ጥያቄ የሚያነሱ ሰዎች ለዚህ ሲሉ ፀጉርን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጥሎ የማየት ፈተና ይመክራሉ፤ እሱም ብዙ አያስተማምንም፣ ቅባት ያለበት ዘለላ አሳላፊ ቢሆንም ይንሳፈፋልና።

በቤተ ሙከራ የተሻለ ሙከራ ተደርጓል። የሎሬያል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከተለያዩ አገሮች በተሰበሰበ ፀጉር ላይ የክቡን ስፋት፣ የመጠምዘዙን ብዛትና የመሳሰሉትን ለክተው፣ ዘርን ሳይጠቅሱ ስምንት ክፍሎች አወጡ። በመለካት የተገኘ መሆኑ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ያም ሆኖ አንደኛው ሉጫ፣ ስምንተኛው እጅግ ጠምዛዛ ነው፣ ተራው አልተቀየረም። ቲና ላሲሲን የመሳሰሉ የሥነ ሰብእ ተመራማሪዎች ከዚህ አልፈው ክፍል መስጠቱን ራሱን ትተዋል፤ የተቆረጡ ዘለላዎችን ፎቶ አንስተው የእያንዳንዱን ጉብጠት በቁጥር ያሰፍራሉ። እንዲህ ሲሠራ በ3ሲና በ4ኤ መካከል አለ የተባለው ድንበር ይጠፋል፤ ጉብጠቱ ሳይቋረጥ ከትንሽ ወደ ብዙ የሚሄድ ነውና።

ሆኖም ማንም ሰው መስታወት ፊት ቆሞ ጉብጠቱን አይለካም። 4ሲ የሚለውን መጠሪያ የሚከላከሉት ሰዎች ክርክርም ከዚህ ይነሳል፤ በዚያ ፊደል አማካይነት ነው ተመሳሳይ ፀጉር ያላቸው ሰዎች ተገናኝተው ስለ አበጣጠርና ስለ እርጥበት የተመካከሩት። ቅሬታቸው ፊደሉን ለገበያ በሚጠቀሙት ላይ ነው፤ «ለ4ሲ» ተብሎ በሚሸጥ ዕቃ ላይ የሚታየው ፎቶ ብዙ ጊዜ ክቡ ከሩቅ የሚለይ 4ኤ ወይም 3ሲ ፀጉር ነው።