ኤስኬኤፍ፦ ስሙን በካታሎግ የገነባው የኩሽኔታ ፋብሪካ

ኤስኬኤፍ ኩሽኔታ የሚሠራ የስዊድን ኩባንያ ነው፤ ኩሽኔታ የማሽን ዘንግን ደግፎ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርግ ክፍል ነው። ደንበኞቹ በአብዛኛው መሐንዲሶች ናቸው። መሐንዲስ ደግሞ ቶሎ አይገዛም። ናሙና ያስመጣል፣ ይፈትናል፣ ከዚያ የኩሽኔታውን ቁጥር የማሽኑ ንድፍ ላይ ይጽፋል። አንዴ ንድፉ ላይ የሰፈረ ቁጥር ግን በቀላሉ አይነሳም፤ ለመቀየር ፈተናው ከሀ ይጀመራልና።

መነሻው ችግር ነው። ስቬን ዊንክቪስት በጎተንበርግ ከተማ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መሐንዲስ ነበር። ፋብሪካው ያረፈው ሸክላማ አፈር ላይ ነው። መሬቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ማሽኖቹን የሚያዞሩት ረጃጅም ዘንጎች መስመር ይስታሉ፣ ኩሽኔታውም ቶሎ ይበላል። ዊንክቪስት በኩሽኔታው ቀለበቶች መካከል የሚሽከረከሩትን ኳሶች በሁለት ረድፍ ደረደረ። የውጭውን ቀለበት ውስጠኛ ገጽ ደግሞ እንደ ሉል አጎደጎደው። ዘንጉ ትንሽ ቢያዘነብል ኳሶቹ አብረው ያዘነብላሉ። ኩባንያው በዚህ ፈጠራ እ.ኤ.አ. በ1907 ተመሠረተ፤ በ1912 በ32 አገሮች ወኪል ነበረው።

ከዚያ በኋላ ስሙን ያጸናው፣ በእኔ እይታ፣ ስሌት ነው። የኩባንያው ተመራማሪ አርቪድ ፓልምግሬን ከጉስታፍ ሉንድበርግ ጋር በ1947 የኩሽኔታን ዕድሜ የሚገምት ቀመር አሳተመ። ቀመሩ ኋላ ለዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት ሆኗል። 6205 የሚባለውን የተለመደ ኩሽኔታ እንይ። ካታሎጉ የመሸከም አቅሙን 14.8 ኪሎኒውተን ይለዋል። 2 ኪሎኒውተን ጭነን በደቂቃ 1500 ጊዜ ብናዞረው፣ ከመቶ እንዲህ ያለ ኩሽኔታ ዘጠናው ቢያንስ 4500 ሰዓት ያህል ይሠራል። ጭነቱን በግማሽ ብንቀንስ ዕድሜው ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ 36,000 ሰዓት ገደማ። መሐንዲሱ ይህን ለአለቃው ወረቀት ላይ ማሳየት ይችላል። ስሌቱ የሚሠራው ግን ግሪሱ ንጹሕ፣ ገጠማውም ትክክል ሲሆን ነው። የውስጡን ቀለበት ዘንግ ላይ ለማስገባት የውጭውን በመዶሻ የመታ ሰው ኩሽኔታውን ገና ሳይሽከረከር ጎድቶታል።

6205 የኤስኬኤፍ ብቻ አይደለም፤ ሌሎችም በዚሁ ቁጥር ይሠራሉ። ልዩነቱ ቅጥያው ላይ ይመጣል። በሁለት በኩል በጎማ የታሸገውን ኤስኬኤፍ 6205-2RSH ይለዋል፤ የጃፓኑ ኤንኤስኬ ደግሞ DDU ብሎ ይቀጥላል። ንድፉ ላይ 2RSH ከተጻፈ ግዢ ክፍሉ የሚደውለው መጀመሪያ ለኤስኬኤፍ ወኪል ነው።

ስም ሲከበር አስመሳይ ይከተላል። አስመሳዩ ካርቶኑንም ቀለበቱ ላይ ያለውን ጽሑፍም አሳምሮ ስለሚቀዳ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ኩባንያው ለዚህ የስልክ መተግበሪያ አዘጋጅቷል፤ ገዢው የካርቶኑንና የኩሽኔታውን ፎቶ ይልካል፣ የኩባንያው ባለሙያዎች አይተው መልስ ይሰጣሉ።