ዩዘር ስቶሪ ምንድን ነው? «አለቀ» የሚባለውስ መቼ ነው?

የዕቁብ አፕ በምንሠራበት ጊዜ ባክሎጋችን ላይ፣ ማለትም ገና የሚሠሩ ሥራዎች በተዘረዘሩበት፣ አንድ አጭር መስመር ነበረች፦ «ክፍያ እሑድ 6 ሰዓት ላይ ይዘጋል።» ዴቨሎፐሩ 06:00 ብሎ ጻፈው። ቴስተሩም በ06:00 ሞከረው፤ ሠራ። ሥራው «አለቀ» ተባለ።

በመጀመሪያው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የከፈለው ሰው ሁሉ ስሙ አጠገብ «ዘግይቷል» የሚል ቀይ ምልክት ወጣበት። የዕቁቡ ጸሐፊ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ገና ሦስት ሰዓት ነው እኮ! ሰዉ በምን ዘገየ?» እሳቸው 6 ሰዓት ሲሉ ቀትር ማለታቸው ነው። 06:00 ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ገና ንጋት 12 ሰዓት ነው። ኮዱ ስህተት አልነበረበትም። የጎደለው ከኮዱ በፊት መደረግ የነበረበት ወሬ ነው።

ዩዘር ስቶሪ የዚያ ወሬ ማስታወሻ ነው። አንድ ሰው ምን ማድረግ እንደሚፈልግና ለምን እንደሚፈልገው በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር የሚይዝ። ነገሩ የተጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ኬንት ቤክ ባስተዋወቀው ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ በተባለ አሠራር ነው። ያኔ ስቶሪ የሚጻፈው በእጅ፣ በትንሽ ካርድ ላይ ነበር። ሮን ጄፍሪስ በ2001 ሦስት ነገሮች አንድ ላይ መኖር አለባቸው አለ፦ ካርዱ፣ በካርዱ ዙሪያ የሚደረገው ውይይት፣ እና ሥራው በትክክል መሠራቱ የሚረጋገጥበት መንገድ። ዛሬ ብዙዎቻችን የቀረን ካርዱ ብቻ ነው። እሱም ጂራ የሚባለው የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር ውስጥ ገብቶ ቲኬት ሆኗል።

ወደ ዕቁባችን እንመለስ። 20 ዕጣ አለው፣ በየሳምንቱ በዕጣ 1,000 ብር ይጣላል፣ ዕጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ ይወጣል። ከጸሐፊው ጋር ቁጭ ብለን ስናወራ የመጣው ስቶሪ ይህ ነው፦

«እንደ ዕቁብ ጸሐፊ፣ ያልከፈሉ አባላትን በስም ማየት እፈልጋለሁ፤ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ደውዬ እንዳስታውሳቸው።»

የመጨረሻዋን ሐረግ ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው «ለምን» የሚለውን ክፍል ለወጉ ያህል ይሞላዋል። እዚህ ግን ሥራ ሠርታለች። ጸሐፊው ሊደውሉ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ስም ብቻ ሳይሆን ስልክ ቁጥርም ያስፈልጋል። ስቶሪው «እንደ ሲስተም፣ የክፍያ ቴብል እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ይህ ለማንም አይታየውም ነበር። የሚደውል ሰው የለበትማ።

አክሰፕታንስ ክራይቴሪያ የሚባለው ደግሞ የዚህ የአንዱ ስቶሪ መለኪያ ነው። ይህ ስቶሪ ትክክል ተሠርቷል የምንለው ምን ምን ሲሆን ነው? መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የሚያልቅ መሆን አለበት። «ዝርዝሩ ቶሎ ይከፈት» ክራይቴሪያ አይደለም፤ ለአንዱ ቶሎ የሆነው ለሌላው ዘግይቷል። «ለአጠቃቀም ቀላል ይሁን»ም እንደዚያው ነው።

ክራይቴሪያው የሚወጣው በጥያቄ ነው። ጸሐፊውን «ግማሽ የከፈለ ሰውስ?» አልናቸው። «ያልከፈለ ነው፣ ግን የቀረውን ልወቅ» አሉ። ቀጥሎ ዴቨሎፐሩ «ዕጣ የደረሰው ሰው ከዝርዝሩ ይውጣ አይደል? ከእንግዲህ ዕጣ ውስጥ አይገባም» አለ። ጸሐፊው ደነገጡ። «እንዴት ይወጣል! ብሩን የበላው ሰው ነው ዋናው። እሱ ካልከፈለ ዕቁቡ ይፈርሳል።» ይህቺ አንዲት ጥያቄ ባትጠየቅ ኖሮ አፑ በጣም መፈለግ ያለበትን ሰው ይደብቅ ነበር። ደግሞም የዴቨሎፐሩ ሐሳብ ሞኝነት አልነበረም። ዕቁብ ጥሎ ለማያውቅ ሰው ትክክል ይመስላል።

በመጨረሻ የጻፍነው ይህን ነው፦

- ክፍያ የሚዘጋው እሑድ ቀትር 6 ሰዓት፣ በስልኩ አቆጣጠር 12:00 ላይ ነው። በ11:59 የከፈለ አልዘገየም፤ በ12:01 የከፈለ «ዘግይቷል» ይባላል።
- ሰብለ ከ1,000 ብር 600 ከፍላለች። ጸሐፊው ዝርዝሩን ሲከፍቱ ስሟ «400 ብር ይቀራል» ከሚል ጽሑፍ ጋር ይታያል።
- ከበደ ባለፈው ወር ዕጣ ደርሶታል፣ የዚህን ሳምንት ግን አልከፈለም። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አለ።
- ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ስልክ ቁጥር አለ፤ ሲነካ ይደውላል።

ስምና ቁጥር ማስገባታችን ለማሳመር አይደለም። «በከፊል የከፈሉ አባላት በአግባቡ ይስተናገዱ» ቢባል ሦስት ሰው ሦስት ነገር ይረዳል። «ከ1,000 ብር 600» ሲባል ግን ቴስተሩ ያንኑ አስገብቶ ያየዋል። «ቁልፉ በስተቀኝ፣ አረንጓዴ ይሁን» የሚል ነገርም አላስገባንም። እሱ የዲዛይነሩ ሥራ ነው።

በውይይቱ መሐል አንድ ነገር ሾልኮ ወጣ፦ ሁለት ሰዎች አንድ ዕጣ ለሁለት ይይዛሉ። አንዱ ድርሻውን ከፍሎ ሌላው ባይከፍልስ? ማን ዘንድ ይደወላል? ይህን እዚሁ ለመጨመር እጃችን አሳክኮን ነበር። ግን አምስተኛው ክራይቴሪያ ስድስተኛና ሰባተኛ መውለድ ሲጀምር ስቶሪው ሁለት ነው ማለት ነው። ለብቻው «የግማሽ ዕጣ» ስቶሪ አድርገን ባክሎጉ ላይ አስቀመጥነው።

አሁን ሰው በብዛት የሚያምታታው ነገር ላይ ደረስን፦ ዴፊኒሽን ኦፍ ደን፣ የ«አለቀ» ትርጉም። ይህ የአንድ ስቶሪ አይደለም። ቡድኑ አንዴ ተስማምቶ ይጽፈዋል፤ ከዚያ ለሁሉም ስቶሪ ያው ነው። ስለ ሰብለና ስለ ከበደ አያወራም፤ ስለ ሥራው ጥራት ያወራል። የእኛ አጭር ነበር። ኮዱን ሌላ ዴቨሎፐር አይቶታል። አውቶማቲክ ቴስቶቹ ሁሉ አልፈዋል። በርካሽ አንድሮይድ ስልክ ተሞክሯል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ታይቷል። የአማርኛው ጽሑፍ አልተቆራረጠም።

እነዚህን በየስቶሪው ክራይቴሪያ ውስጥ የሚደግሙ ቡድኖች አሉ። ዝርዝሩ ይረዝማል፣ ሰው ማንበብ ይተዋል፣ ከሁሉ የከፋው አንዱ ስቶሪ ላይ ይረሳል። የተገላቢጦሹም አለ፦ የከበደን ጉዳይ «ቴስት ተደርጓል» በሚለው አጠቃላይ ቃል የሚሸፍኑ። ቴስት ተደርጓል፣ እሺ። ምን ተብሎ?

ሁለቱ ለየብቻ መሆናቸው የገባን በስፕሪንቱ፣ ማለትም በአጭሩ የሥራ ዙራችን፣ የመጨረሻ ቀን ነው። አራቱም ክራይቴሪያዎች አለፉ። ሰብለ 400 ብር ይቀራታል፣ ከበደ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ከዚያ ቴስተሩ የስልኩን ዳታ አጠፋው። ዝርዝሩ አልጠፋም፤ የጠዋቱን ስም እንዳለ ይዞ ቀረ፣ ያረጀ መሆኑን ግን የሚናገር ምንም ነገር የለውም። ጸሐፊው ከአንድ ሰዓት በፊት የከፈለን ሰው «አልከፈልክም» ብለው ሊደውሉ ነው።

የትኛው ሥራ እንደሚቀድም የሚወስነው ፕሮዳክት ኦውነር «ዘጠና በመቶ አልቋል፣ ለጸሐፊው እናሳያቸው» አለ። ስክረም የሚባለው የቡድን አሠራር የ2020 መመሪያ እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ነገር ይናገራል፦ ዴፊኒሽን ኦፍ ደንን ያላሟላ ሥራ አይለቀቅም፣ የዙሩ ሥራ በሚታይበት ስፕሪንት ሪቪው ላይ እንኳ አይቀርብም፣ ወደ ባክሎግ ይመለሳል። መለስነው። በሚቀጥለው ስፕሪንት ከዝርዝሩ አናት ላይ «መረጃው የመጣው ጠዋት 3፡10 ላይ ነው» የሚል መስመር ገባ። «ጠዋት» የምትለዋን ቃል ያስጨመሩት ጸሐፊው ናቸው።