ድሬዳዋ፦ የወጣት ብዛት ትርፍ የሚሆነው መቼ ነው?

ከቀትር በኋላ ድሬ ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰውም ወደ ጥላው ይገባል። ከዚራ ሰፈር ካሉት ዛፎች ሥር ግን ባጃጆች ተሰልፈው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። ከሹፌሮቹ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ስለ ወጣት ብዛትና ስለ «ሥነ ሕዝብ ትሩፋት» የሚባለውን ሁሉ ከዚህ ሰልፍ መማር ይቻላል። ወደ እሱ እንመለሳለን።

መጀመሪያ አንድ ስህተት እናርም። ወጣት ስለበዛ ብቻ ትሩፋት አይመጣም። ትሩፋቱ የሚመጣው ከወጣቱ ኋላ የሚከተለው ሕፃን ሲቀንስ ነው። እናቶች የሚወልዱት ቁጥር እየቀነሰ ሲሄድ፣ ለተወሰኑ ዓመታት ለሥራ የደረሰው ሰው ከሚጦረው እየበለጠ ይሄዳል። በባለሙያዎቹ አቆጣጠር ለሥራ የደረሰ የሚባለው ከ15 እስከ 64 ዓመት ያለው ነው። ያ ጊዜ ደግሞ ያልፋል፤ የዛሬው ወጣት ነገ ተጧሪ ይሆናል። ወሊድ ሳይቀንስ ወጣት ከበዛ፣ ከኋላው ከሱ የበዛ ሕፃን ስላለ፣ የጨመረው እንጀራ የሚጠብቀው አፍ ነው።

ድሬዳዋ በዚህ በኩል ከብዙው የአገሪቱ ክፍል ቀድማለች። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በአገር ደረጃ አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 4.6 ልጅ ትወልድ ነበር። በድሬዳዋ 3.1 ነበር። በአጎራባቹ ሶማሌ ክልል ደግሞ 7.2። ልብ በሉ፣ የድሬዳዋው ቁጥር የገጠር ቀበሌዎቹንም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2007 በተካሄደው ቆጠራ ከ341,834 ነዋሪ ውስጥ ሲሶው ገደማ የገጠር ነበር። ስለዚህ አንዱ አስተዳደር ውስጥ ሁለት ሥነ ሕዝብ አለ ማለት ይቻላል፦ ትሩፋቱን የጀመረ ከተማና ገና ያልጀመረ ገጠር።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የአንድ ከተማ የነፍስ ወከፍ ገቢ ሦስት ነገሮች ተባዝተው የሚመጣ ነው፦ ለሥራ የደረሰው ሰው ድርሻ፣ ከነሱ ውስጥ በእርግጥ የሚሠራው፣ አንድ ሠራተኛ የሚያስገባው። መቶ ሰው ያለበት ሰፈር እናስብ። ለሥራ የደረሱት 52 ናቸው። ከነሱ 60 በመቶው ይሠራል፣ ስለዚህ ሠራተኛው 31 ገደማ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወሊድ ቀንሶ ለሥራ የደረሱት 62 ሆኑ እንበል። አሁንም 60 በመቶው ከሠራ ሠራተኛው 37 ይደርሳል። ሰፈሩ ምንም ሳይለፋ ገቢው በአንድ አምስተኛ ገደማ አደገ። ግን ሥራው ሳይጨምር ወጣቱ ብቻ ጨምሮ የሚሠራው ወደ 50 በመቶ ቢወርድስ? 62 ሲካፈል ለሁለት፣ 31። ከጀመርንበት ቁጥር ላይ ነን። ሠላሳ ዓመት የፈጀው ለውጥ በአሥር መቶኛ ነጥብ ሥራ አጥነት ተበላ።

አንድ አምስተኛውም ቢሆን ሠላሳ ዓመት ላይ ሲበተን በዓመት ከ0.6 በመቶ አይበልጥም። ሲወራ ከምንሰማው ተስፋ አንፃር ትንሽ ነው፣ አይደል? እንደ ደቡብ ኮሪያ ያሉ አገሮች ከወሊድ መቀነስ ብዙ ያተረፉት፣ በዚያው ጊዜ ሦስተኛው ቁጥር፣ ማለትም አንድ ሠራተኛ የሚያስገባው፣ አብሮ ስላደገላቸው ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ሴት ስድስት ገደማ ትወልድ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከሁለት በታች ወረደ። ልጅ ሲያንስ ለያንዳንዱ ልጅ ትምህርት የሚወጣው ይጨምራል፣ ሴቶችም ለደመወዝ ሥራ ጊዜ ያገኛሉ። ፋብሪካውም በበኩሉ እየጠበቃቸው ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ባጃጆቹ እንመለስ። አንድ ፌርማታ በቀን 300 ተሳፋሪ አለው እንበል። አሥር ባጃጅ ሲሠራ ለያንዳንዱ 30 ይደርሰዋል። አምስት ወጣት ተበድሮ ባጃጅ ገዝቶ ቢጨምር፣ ተሳፋሪው ያው 300 ነውና ለያንዳንዱ 20 ይደርሳል። በመዝገብ ላይ አምስት ሥራ ተፈጥሯል። በሰፈሩ ኪስ ላይ ግን የተጨመረ ነገር የለም፣ እንዲያውም ብድሩ አለ። በሥራ ኃይል ጥናት በሳምንት አንድ ሰዓት የሠራ ሰው «ሥራ ያለው» ይባላል። ለዚህ ነው የሥራ አጥ ቁጥር ብቻውን ብዙ የማይነግረን። በቀን ስንት ሰዓት ሠራ፣ ስንት አገኘ፣ ዓመቱን ሙሉ ቆየበት ወይ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ድሬ ራሷ የተፈጠረችው በሌላ ዓይነት ሥራ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መድረስ ስለከበደው፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ከሥር ሜዳው ላይ ቆመ፣ ከተማም ሆነ። የምድር ባቡር ድርጅት ጋራዥ ብረት የሚቀርጽ፣ የሚበይድ፣ ሞተር የሚፈታ ሰው ይፈልግ ነበር። ሙያው ከጋራዡ ወጥቶ ከተማው ውስጥ ይገባል። ከውጭ የሚመጣው መንገደኛና ጭነት ደግሞ ሌላውን ያበላል። እንዲህ ያለው ሥራ ባጃጅ እንደ መጨመር አይደለም፦ ተሳፋሪውን ራሱን ያበዛዋል።

ዛሬ ጅቡቲና አዲስ አበባን የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ ባቡር አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮም ነፃ የንግድ ቀጠና ተከፍቷል። አዲሱ ባቡር ግን በጥቂት እጅ ብዙ ጭነት ይጎትታል። ለወጣት ብዛት ትልቁ ተስፋ ስፌትና ማሸግ ያሉበት፣ ብዙ እጅ የሚፈልግ ፋብሪካ ነው፤ እሱም በውጭ ገበያ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ትልክበት ከነበረው አጎዋ ስትሰረዝ፣ እንዲህ ያለው ሥራ ምን ያህል በአንድ ፊርማ እንደሚናጋ ታየ።

ሌላም ነገር አለ። ከተማ ወጣቱን በወሊድ ብቻ አያገኝም፤ ከገጠርም ይመጣለታል። ከሐረርጌ ቀበሌዎች ለቤት ሠራተኝነት የምትመጣ ልጅ ድሬ ስትደርስ ሥራ የሚችል እጅ ናት። ያሳደጋት የገጠሩ ቤተሰብ ነው። ከተማው የሕፃንነቷን ወጪ አልከፈለም፣ በዚህ በኩል ተጠቃሚ ነው። ነገር ግን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ከሆነ ሦስተኛው ቁጥር አያድግም። ማታ ትምህርት ቤት እንድትገባ የሚፈቅድ ቤት ሲገኝ ነው ነገሩ የሚለወጠው፣ አቦ፣ እሱም የአሠሪዋ መልካም ፈቃድ ሆኖ ቀርቷል።

ወጣቱ በሌላው በር ደግሞ ይወጣል። በጅቡቲ አልፎ ከኦቦክ ወደብ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲ የሚወስደው መንገድ ድሬን ያውቃታል። አሥራ ስምንት ዓመት የተበላለት፣ የተማረለት ልጅ ሠርቶ ሊያስገባ ሲደርስ ይሄዳል። የሚልከው ገንዘብ ጥገኛውን ይደጉማል፣ ግን ለሥራ የደረሰው ድርሻ በሒሳባችን ላይ ሳይታይ ይቀንሳል። ስለዚህ የከተማዋን ወጣት ስንቆጥር ሦስት ዝርዝር ያስፈልገናል፦ እዚሁ የተወለደ፣ ከገጠር የገባ፣ ከዚህ የወጣ።

ጊዜውም አይጠብቅም። ጥናቱ በተካሄደበት እ.ኤ.አ. በ2016 ድሬ ላይ የተወለደች ልጅ በ2031 አሥራ አምስት ይሞላታል። ያን ጊዜ እናቷ ከወለደችው ያነሰ ብትወልድ እንኳ፣ ለመውለድ የደረሱት ሴቶች ብዙ ስለሆኑ፣ የከተማዋ ሕዝብ ለዓመታት መጨመሩን አያቆምም።