ከ0 እስከ 10፦ ኔት ፕሮሞተር ስኮር ምን ይለካል፣ ምን ያመልጠዋል?

«ድርጅታችንን ለጓደኛዎ ወይም ለሥራ ባልደረባዎ የመጠቆም ዕድልዎ ምን ያህል ነው?» ከሥሩ ከ0 እስከ 10 የተደረደሩ ቁጥሮች አሉ። ዕቃ በኦንላይን ገዝቶ ወይም ሆቴል አድሮ ይህ ጥያቄ በስልኩ ያልመጣለት ሰው አሁን ጥቂት ነው። ከመልሶቹ የሚወጣው ቁጥር ኔት ፕሮሞተር ስኮር፣ ባጭሩ ኤንፒኤስ ይባላል። በደንበኞች ተሞክሮ ሞጁል ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳውም፣ ብዙ ክርክር የሚያስነሳውም ይኸው ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። 9 ወይም 10 የሰጠ ደጋፊ ይባላል። 7 ወይም 8 የሰጠ ገለልተኛ ነው። ከ0 እስከ 6 የሰጠ ሁሉ ነቃፊ ነው። ከደጋፊዎቹ መቶኛ ላይ የነቃፊዎቹ መቶኛ ይቀነሳል፣ አለቀ። ገለልተኞቹ በጠቅላላው የመላሾች ብዛት ውስጥ ይቆጠራሉ፤ በቅነሳው ግን አይገቡም። ውጤቱ ከ−100 እስከ +100 ሊሆን ይችላል።

መለኪያውን ያስተዋወቀው የቤይን ኤንድ ካምፓኒ አማካሪ የነበረው ፍሬድ ራይክሄልድ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ድርጅት ለማደግ የሚያስፈልገው ቁጥር ይህ አንዱ ነው የሚል ደፋር ሐሳብ አቀረበ። ሥራ አስኪያጆች ወደዱት። አርባ ጥያቄ ካለው መጠይቅ ይልቅ በአንድ መስመር የሚጻፍ ቁጥር ለቦርድ ስብሰባ ይመቻል፤ ማን ይጠላዋል?

ችግሩ የሚታየው ቁጥሩን ከፍቶ ውስጡን ማየት ሲጀመር ነው። ለክፍል መልመጃ የሚሆን ምሳሌ እንውሰድ። ዕቃ በኦንላይን የሚሸጥ አንድ ድርጅት በየሩብ ዓመቱ ለ2,000 ደንበኞች ጥያቄውን ይልካል፤ 200 ሰው ይመልስለታል። ባለፈው ሩብ ዓመት 90 ደጋፊ፣ 70 ገለልተኛ፣ 40 ነቃፊ ነበር። 45 ሲቀነስ 20፣ ውጤቱ 25። በዚህኛው ደግሞ 84 ደጋፊ፣ 68 ገለልተኛ፣ 48 ነቃፊ። 42 ሲቀነስ 24፣ ውጤቱ 18። ሰባት ነጥብ ወረደ። የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊው ተጠራ፣ ምን ተበላሸ ተባለ።

መልሱ «ምናልባት ምንም» ነው። ከ200 ሰው ውስጥ የደጋፊዎቹ ቁጥር በ6 ቀነሰ፣ የነቃፊዎቹ በ8 ጨመረ፤ ሙሉው ለውጥ ይኸው ነው። ሌላ 200 ሰው ቢመልስ ኖሮ ቁጥሩ በራሱ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ምን ያህል እንደሚል በዚህ ቀመር ይገመታል፤ SE መደበኛ ስህተቱ፣ p የደጋፊዎች ድርሻ፣ d የነቃፊዎች ድርሻ፣ n የመላሾች ብዛት ነው።

```
SE = √( (p + d − (p − d)²) / n )
```

ለመጀመሪያው ሩብ ዓመት p 0.45፣ d 0.20፣ n 200 ነው። ውጤቱ 0.054 ይመጣል፤ በኤንፒኤስ ነጥብ 5.4 ማለት ነው። በተለመደው የ95 በመቶ እርግጠኝነት የስህተት ህዳጉ የዚህ ሁለት እጥፍ ገደማ፣ ማለትም ወደ 11 ነጥብ ይሆናል። ስለዚህ «25» የተባለው ከ14 እስከ 36 ድረስ የትም ሊሆን ይችላል። ሁለት ሩብ ዓመቶችን ስናወዳድር ደግሞ የሁለቱም ስህተት በካሬው ተደምሮ ሥሩ ይወሰዳል፤ የልዩነቱ ህዳግ ወደ 15 ነጥብ ይጠጋል። የሰባት ነጥብ መውረድ ከዚህ በታች ነው። የልዩነቱ ህዳግ ወደ ሰባት ነጥብ እንዲወርድ እንኳ በየሩብ ዓመቱ ወደ 950 መልስ ያስፈልግ ነበር። ብዙ ድርጅት ግን በመቶዎች መልስ ይዞ የሦስት ነጥብ ለውጥ ያከብራል፣ ወይም ያዝናል።

ህዳጉ እንዲህ የሚሰፋበት አንዱ ምክንያት የአከፋፈሉ አሠራር ነው። አሥራ አንድ ደረጃ ያለው መልስ ተሰብስቦ ሦስት ሳጥን ውስጥ ይጣላል። መቶ ደንበኞች ሁሉም 0 ቢሰጡ ውጤቱ −100 ነው። ድርጅቱ አንድ ዓመት ለፍቶ ሁሉንም ወደ 6 ቢያደርሳቸው? አሁንም −100። መቶውም 8 ቢሰጡ ውጤቱ ዜሮ ነው፤ ግማሹ 10፣ ግማሹ 6 ቢሰጡም ዜሮ። የመጀመሪያው ሰላማዊ ቤት ነው፣ ሁለተኛው ለሁለት የተከፈለ። ቁጥሩ ግን አይለያቸውም። ለዚህ ነው ሙሉ ስርጭቱን ሳያሳይ ኤንፒኤስ ብቻ የሚያቀርብ ሪፖርት የሚያናድደኝ።

ከስሌቱ በላይ የሚያስቸግረው ግን ማን መለሰ የሚለው ነው። ከ2,000 ሰው 1,800ው ዝም ብሏል። ዝምታቸው ምን ማለት እንደሆነ መጠይቁ አይነግረንም። የተናደደና የተደሰተ ሰው ይመልሳል፤ መሃል ያለው ያልፈዋል። ጭራሽ ትቶ የሄደ ደንበኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከላኪው ዝርዝር ውስጥ የለም። ለመፈተሽ አንድ ቀላል መንገድ አለ። የመለሱትንና ያልመለሱትን ድርጅቱ አስቀድሞ በሚያውቀው ነገር ማወዳደር ነው፦ ስንት ጊዜ ገዙ፣ ስንት ጊዜ ቅሬታ አቀረቡ። ሁለቱ ከተራራቁ ቁጥሩ የመላሾቹ እንጂ የደንበኞቹ አይደለም።

ቁጥሩ ከቦነስ ጋር ሲታሰር ደግሞ ሌላ ጨዋታ ይጀመራል። ሠራተኛው «10 ካልሰጡኝ እንደ ወደቅኩ ይቆጠርብኛል» ይላል። ደንበኛውም አዝኖለት 10 ይሰጣል። የተጣላ ደንበኛ መጠይቁ እንዳይደርሰው የሚደረግበትም አለ። ምልክቱ ይታወቃል፦ የአንድ ሠራተኛ ውጤት ከፍ እያለ የሚላኩት መጠይቆች ቁጥር ይቀንሳል፣ 7 እና 8 ይጠፋሉ፣ ኤንፒኤሱ ሲወጣ ድጋሚ ግዢው ባለበት ይቆማል።

በዚሁ ሞጁል ሌሎች ሁለት መለኪያዎችም ይነሳሉ። ሲሳት የሚባለው «በዚህ አገልግሎት ምን ያህል ረክተዋል?» ብሎ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 ይጠይቃል፤ 4 እና 5 የሰጡት መቶኛ ይወሰዳል። ለአንድ የተወሰነ ግንኙነት ጥሩ ነው፣ ስለ ጠቅላላው ዝምድና ግን ብዙም አይናገርም። ሁለተኛው ደንበኛው ጉዳዩን ለመጨረስ ስንት እንደለፋ የሚለካው ሲኢኤስ ነው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ቀረበ። የመጀመሪያው አጠያየቅ ትንሽ ቁጥር ጥሩ የሚሆንበት ነበርና መላሾችን ያደናግር ነበር። በኋላ «ድርጅቱ ጉዳዬን ቀላል አድርጎልኛል» በሚል የስምምነት ዐረፍተ ነገር ተተካ። ለጥሪ ማዕከል ከኤንፒኤስ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ የት እንደሚስተካከል ያሳያል።

ኤንፒኤስ ዕድገትን ከሌሎቹ በተሻለ ይተነብያል የሚለውን በ2007 እ.ኤ.አ. ጆርናል ኦፍ ማርኬቲንግ ላይ ቲሞቲ ኪኒንግሃምና ባልደረቦቹ ፈትሸው ነበር። ብልጫውን ማረጋገጥ አልቻሉም። ራይክሄልድ ራሱም በ2021 እ.ኤ.አ. ብዙዎች በቁጥሩ አላግባብ እየተጠቀሙ መሆኑን አምኖ፣ ከሂሳብ መዝገብ የሚወጣ ሌላ መለኪያ አብሮ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረበ። በድጋሚ ከሚገዙ ነባር ደንበኞችና እነሱ ጠቁመዋቸው ከመጡ አዳዲሶች የሚገኘውን ዕድገት የሚቆጥር ነው። መዝገብ እንደ መጠይቅ አይለመንም።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ኃላፊው ሰባት ነጥቧን ትቶ 48ቱ ነቃፊዎች የጻፉትን አስተያየት አነበበ እንበል። 19ኙ ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት፦ ዕቃው ደርሷል ተብሎ መልእክት መጣላቸው፣ ዕቃው ግን አልደረሰም። ባለፈው ሩብ ዓመት ከ40ዎቹ ይህን ያነሱት 3 ብቻ ነበሩ። ቀጥሎ የሚከፈተው የማድረሻ መዝገቡ ነው፤ «ደርሷል» የሚለው ቁልፍ የሚጫነው በር ላይ ነው ወይስ ዕቃው ገና መኪና ውስጥ እያለ?