የሬዲዮ መግቢያን በተመደበለት ሰከንድ ውስጥ ማብቃት

በሬዲዮ ዝግጅት መጀመሪያ ላይ፣ መለያ ሙዚቃው ከሥር እየተሰማ የሚነበበው መግቢያ፣ ርዝመቱ አስቀድሞ በሰከንድ የተቆረጠ ጽሑፍ ነው። ለምሳሌ 30 ሰከንድ ቢሰጠው፣ ሙዚቃው ብቻውን የሚሰማበትን 4 ሰከንድና ከንባቡ በኋላ ለትንፋሽ የሚተወውን 2 ሰከንድ ስንቀንስ፣ ለንግግር የሚቀረው 24 ሰከንድ ብቻ ነው።

ጽሑፉ በዚህ ልክ እንዲሆን አንባቢው በመጀመሪያ የራሱን ፍጥነት ይለካል። በዓይን ማንበብ ከድምፅ ንባብ ስለሚፈጥን፣ ልኬታው የሚወሰደው በአየር ላይ በሚነገርበት ድምፅና እርጋታ ነው። 200 ቃላት ያሉትን ተመሳሳይ ጽሑፍ በ100 ሰከንድ ያነበበ ሰው በሰከንድ 2 ቃል ይናገራል፤ ስለዚህ 24 ሰከንዱ 48 ቃል ይይዝለታል ማለት ነው።

ይሁንና ይህ ስሌት በአማርኛ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ከእንግሊዝኛ የዜና ክፍሎች የተወረሰው «በሰከንድ ሦስት ቃል» የሚለው መለኪያም እንዳለ አይሠራም። «ቤት» እና «ስለማይመለከታቸውም» እኩል አንድ አንድ ቃል ተብለው ሲቆጠሩ፣ የመጀመሪያው 2፣ ሁለተኛው 11 ፊደል አለው። ስለዚህ ፊደል መቁጠር ይሻላል። ሳድስ ፊደላት አንዳንዴ አናባቢ ስለሌላቸው፣ ጠብቆ የሚነበበውም በጽሑፍ ስለማይታይ ቆጠራው ፍጹም አይደለም፤ ግን ከቃል ቆጠራ ይልቅ ለሰዓቱ ይቀርባል።

ከላይ ያለው የ200 ቃል ጽሑፍ 900 ፊደል ቢኖረው፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 9 ፊደል፣ የ24 ሰከንዱም ልክ 216 ፊደል ይሆናል። አሁን 48 ቃል ያለው፣ ነገር ግን በእንግዳው ማዕረግና በመሥሪያ ቤታቸው ረጅም ስም ምክንያት 250 ፊደል የደረሰ መግቢያ ቢቀርብ፣ በቃል ልኩ ሞልቷል፤ ሲነበብ ግን 28 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። መቀነስ ያለበት 34 ፊደል ነው። «በአሁኑ ሰዓት በማገልገል ላይ የሚገኙት» የሚለው «የሚያገለግሉት» ቢባል ብቻውን 12 ፊደል ያተርፋል። የቀረውን ከማዕረጉ መቀነስ ይቻላል፤ አድማጭ ሦስት ማዕረግ በተከታታይ ሰምቶ አንዱንም አይዝም።

ቁጥሮች ከመቆጠራቸው በፊት በፊደል መጻፍ አለባቸው። «በ2016» በዓይን አንድ አጭር ቃል ነው፤ ሲነበብ ግን «በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት»፣ አራት ቃልና 13 ፊደል ይሆናል። ባዶ ቦታን እየተከተለ የሚቆጥር ኮምፒውተር ደግሞ ከቃሉ ተለይቶ የተጻፈን አራት ነጥብ እንደ ቃል ይደምራል።

ሒሳቡ የሚያደርሰው እስከ ረቂቁ ድረስ ነው፤ ከዚያ በሰዓት ቆጣሪ ጮክ ብሎ ማንበብ የግድ ነው። የተጨነቀ አንባቢ በቀጥታ ሥርጭት ይፈጥናል፤ የውጭ አገር ስም ሲያጋጥመው ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ በጽሑፉ ኅዳግ 12ኛው ሰከንድ የሚደርስበት ቦታ ምልክት ይደረግበታል፣ ከመጨረሻው በፊት ያለውም ዓረፍተ ነገር ቢዘለል ሐሳቡ የማይጎድል ሆኖ ይጻፋል፤ ምልክቱ ጋ የዘገየ አንባቢ ያንን ዘሎ ወደ እንግዳው ስም ያልፋል።