እኩል አራሽና ኮንትራት፦ መኸሩ ሲከዳ የማን ኪስ ይጎዳል?

ጅማ ዙሪያ የሰው መሬት የሚታረሰው በብዛት በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የእኩል ነው፤ ምርቱ አውድማ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ሌላው ኮንትራት ነው፤ ብሩ ከመዘራቱ በፊት ይቆጠራል፣ ምርቱ የአራሹ ይሆናል። ሐሙስ ገበያ የመጣ ገበሬ ሻይ ቤት ሲቀመጥ ክርክሩ ይኸው ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«የእኩል ካረስኩ ኪሳራውም እኩል ነው»

መጀመሪያ ማዳበሪያውን ማን እንደገዛው ንገረኝ። አንድ ሄክታር በቆሎ እንውሰድ። ዋጋ ስለሚዋዥቅ በብር ሳይሆን በኩንታል እናስላው። በደህና ዓመት 40 ኩንታል ይገኛል፣ ዘርና ማዳበሪያው ደግሞ የ8 ኩንታል ዋጋ ይፈጃል እንበል። ዘንድሮ ግን በቆሎው ፀጉር ሲያወጣ ዝናቡ ተቋረጠና 16 ብቻ ገባ።

ወጪውን ሁለቱም ከተካፈሉ እያንዳንዳቸው 8 ወስደው 4 ለወጪ ይከፍላሉ፣ 4 ይተርፋቸዋል። ይኼ በእርግጥ እኩል ነው። ማዳበሪያውን አራሹ ብቻውን ከገዛ ግን ባለመሬቱ 8 ኩንታል ይዞ ይገባል፤ አራሹ 8 ወስዶ 8 ይከፍላል። ዜሮ! ከጫካ አጠገብ ያለ ማሳ ከሆነ ደግሞ ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት ከርከሮ ሲያባርር የከረመውም እሱ ነው። ያንን ማንም በኩንታል አይቆጥርለትም።

«ኮንትራት ይሻላል፤ ከፍለህ ነፃ ነህ»

ከባለመሬቱ ነፃ ነህ፤ ከሰማዩ ግን አይደለህም። በዚያው ማሳ ላይ ኪራዩ የ14 ኩንታል ዋጋ ይሁን። በደህናው ዓመት ከ40 ላይ 8 ወጪና 14 ኪራይ ሲነሳ 18 ይቀራል። ወጪ ተካፍሎ የእኩል ቢያርስ 16 ያገኝ ነበር፣ ስለዚህ ኮንትራቱ በ2 ይበልጣል። በመጥፎው ዓመት ግን 16 ገብቶ 22 ወጥቷል፤ 6 ኩንታል ዕዳ ነው። የእኩል ቢሆን 4 ይተርፈው ነበር። ልዩነቱ 10 ኩንታል ነው፤ አንድ መጥፎ ዓመት የአምስት ደህና ዓመት ብልጫ ጠራርጎ ይበላል።

ኮንትራት ሞኝነት ነው ማለቴ አይደለም። 50 ኩንታል ከተገኘ 28 ይተርፋል፣ በእኩል ግን 21 ነው። ተቀማጭ ያለው፣ ከብት ሸጦ ከርሞ መዝራት የሚችል ሰው ቢሞክረው ያምርበታል። የኪራዩን ብር በወለድ የተበደረ ግን ባይነካው ይሻላል። ሌላም ነገር አለ፤ ምርቱ ሞልቶ ኅዳር ላይ ዋጋው ሲወድቅ የኮንትራት አራሽ ቀድሞ የከፈለው ብር አብሮ አይወርድለትም።

«ባለመሬቱ ሀብታም ነው፣ ቢጎዳም ይችለዋል»

ይኼ ከ1967 በፊት የነበረ የጭሰኛ ዘመን ሥዕል ነው። ዛሬ መሬቱን የሚሰጡት ብዙዎቹ በሬ የሌላቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው ወይም ያረጁ ናቸው። በሬውና ጉልበቱ ያለው ተቀባዩ ነው። ክረምት ሲገባ ለቀለብ የቸገራት ሴት በርካሽ ኮንትራት የምትፈርመው ምርቱን መጠበቅ ስለማትችል ነው። አደጋውን ለአራሹ አስተላልፋለች፤ ዋጋውን ግን በኪራዩ ማነስ ከፍላለች።

«እኩል አራሽ ሰነፍ ነው»

ስንፍና ሳይሆን ሂሳብ ነው። ዩሪያ ገዝቶ 3 ኩንታል ቢጨምር የሚደርሰው አንድ ተኩል ነው። ዩሪያው 2 ኩንታል የሚያወጣ ከሆነ ለማሳው አዋጭ ነው፣ ለእሱ ግን ኪሳራ። ወጪው እንደ ምርቱ ለሁለት ሲከፈል አንድ ከፍሎ አንድ ተኩል ያገኛል፤ ያኔ ማንም ሳይነግረው ይበትናል።

«ምርቱ ከጠፋ ኪራዩ ይቀራል»

ማን ጻፈው? በቃል የተባለ ነገር በረዶ ከወረደ በኋላ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይታወሳል። አጎቴ አንድ ዓመት እንዲህ ገጥሞት ነበር። በረዶ መታው ሲል፣ ባለመሬቱ «አረሙን ሳትነቅል ከርመህ!» አለው። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም አልሰሙም። ወጥተው በግራና በቀኝ ያሉትን ማሳዎች አዩ። የጎረቤቶቹ በቆሎም ቅጠሉ ተተልትሎ ቆሞ ነበር፣ የኪራዩ ሲሶ ተመለሰለት። በሚቀጥለው ዓመት ውሉ ላይ ሁለት መስመር አስጨመረ፦ «ምርቱ ከ20 ኩንታል ካነሰ ኪራዩ በሲሶ ይቀንሳል። ያነሰው በአራሹ ጥፋት መሆን አለመሆኑ ከአዋሳኝ ማሳዎች ጋር ተወዳድሮ ይታያል።» ከዚያ ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አስመዘገበው። ባለመሬቱ በቀላሉ አልፈረመም፤ ለዚያች ሁለት መስመር ሲል ኪራዩን የአንድ ኩንታል ዋጋ አስጨምሮታል።