ድምር ማጠቃለያ ምንድን ነው?

በጎጃም፣ ከመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ያጠጣል። ውሃው ከዋናው ቦይ ወደ ትንንሾቹ ይወርዳል። በየብሎኩ ገበሬው ተራ ይዞ ያጠጣል። ተራውን፣ የቦይ ጽዳቱንና መዋጮውን የሚመራው ኮሚቴ ነው። እኔ የአንዱ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። በ2017 ዓ.ም. ከኅዳር 8 እስከ መጋቢት 28 ድረስ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ተሰበሰብን። 11 ስብሰባ ሆነ። ሁሉንም በስልኬ ቀርጫለሁ፤ ለእያንዳንዱም የአንድ ገጽ ማጠቃለያ ጽፌያለሁ።

ታዲያ በየካቲት አንድ አባት መንገድ ላይ አስቁመው፣ «ልጄ፣ የጽዳት መዋጮው በመጨረሻ ስንት ነው የተባለው?» አሉኝ። ገጾቹ ሁሉ በእጄ ነበሩ። መልሱ ግን በአንዱም ገጽ ላይ ሙሉ አልነበረም። አንዱ 100 ብር ይላል፣ ሌላው 40፣ ሌላው ደግሞ «ግማሽ»።

ድምር ማጠቃለያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የብዙ ስብሰባዎችን ማጠቃለያ ወደ አንድ ያመጣና «እስከ ዛሬ ድረስ ነገሩ የት ደረሰ?» ለሚለው መልስ ይሰጣል። ገጾቹን አንዱን ከሌላው ሥር መቀጠል ድምር አይደለም። እሱ ጥራዝ ነው። አንባቢው አሁንም 11 ገጽ አንብቦ የቱ እንደጸና፣ የቱ እንደተሻረ ራሱ መለየት አለበት።

የኔ የመጀመሪያ ሙከራ አልተሳካም። ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ የድሮውን ድምር አወጣና አዲሱን ጨምሬ እንደገና ከሦስት ገጽ እንዳይበልጥ አሳጥረው ነበር። ቀላል ይመስላል። ግን አስቡት፤ በዚህ መንገድ የ1ኛው ስብሰባ ነገር 11ኛው እስኪደርስ 10 ጊዜ ይጨመቃል። በእያንዳንዱ ጭመቃ አንዲት ቃል ትወድቃለች። ቀድማ የምትወድቀው ደግሞ ትንሿ ቃል ናት፤ «ቢሆን»፣ «እስኪ»፣ «ካልሆነ በቀር» የምትለዋ።

በ3ኛው ስብሰባ አንድ አባል፣ «በአባወራ ከሚሆን በቃዳ 40 ብር ብናደርገውስ?» ብለው ጠየቁ። ቃዳ ማለት እኛ ዘንድ ሩብ ሄክታር ነው። የዚያን ቀን ገጼ ላይ «በቃዳ 40 ብር እንዲሆን ሐሳብ ቀረበ» ብዬ በትክክል ጽፌያለሁ። በመጀመሪያው ድምር «በቃዳ 40 ብር የሚል ተነስቷል» ሆነ። በቀጣዩ «መዋጮ፦ በቃዳ 40 ብር»። ጥያቄ የነበረው ነገር ማንም እጁን ሳያወጣ በኔ ብዕር ውሳኔ ሆነ። ነገሩ ገና ክርክር ላይ ነበር፤ ሰፊ መሬት ያላቸው አልተቀበሉትም። ይህን ያገኘሁት ቀረጻውን መልሼ ሳዳምጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ቀየርኩ። አንደኛ፣ ድምር ከድምር አላወጣም። የየስብሰባው ገጽ ሳይነካ ይቀመጣል። አንድ ጉዳይ ሲለወጥ ያንን ጉዳይ የሚመለከቱትን ገጾች ብቻ አውጥቼ ክፍሉን ከእነሱ እንደ አዲስ እጽፋለሁ። ሁለት ገጾች ከተጋጩ ወደ ቀረጻው እሄዳለሁ። ሁለተኛ፣ የምጽፈው በጉዳይ እንጂ በቀን ቅደም ተከተል አይደለም። መዋጮው አንድ ክፍል፣ የማጠጫ ተራው ሌላ ክፍል፣ የቦይ በሩ ጥገና ሌላ።

የመዋጮው ክፍል ይህን መሰለ፦

የቦይ ጽዳት መዋጮ
አሁን የጸናው፦ በቃዳ 40 ብር (6ኛ ስብሰባ፣ ጥር 18፣ 52ኛ ደቂቃ)። በቦዩ ጫፍ ያሉት ግማሹን ይከፍላሉ፤ የቦዩ በር እስኪጠገን (6ኛ፣ 58ኛ ደቂቃ)።
የተሻረ፦ በአባወራ 100 ብር (2ኛ ስብሰባ፣ ኅዳር 22)።
ያልተዘጋ፦ በሩ መጠገኑ በ9ኛው ስብሰባ፣ የካቲት 30 ተገልጿል። የግማሽ ክፍያው አበቃ ወይ?

የተሻረውን አለማጥፋቴ ሆን ብዬ ነው። 100 ብር ሲባል የሰማ ሰው ድምሩን ሲያነብ ያንን ካላገኘው ጸሐፊው ዘለለው ይላል። ተሽሮ ካየው ግን ልቡ ያርፋል። ደቂቃውን የምጽፈውም ለዚሁ ነው። «የት ተባለ?» ለሚለኝ ሰው የአንድ ሰዓት ተኩል ቀረጻ ከምሰጠው 52ኛዋን ደቂቃ ከፍቼ አሰማዋለሁ።

የመጨረሻው መስመር ግን ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። በ6ኛው ስብሰባ «በሩ እስኪጠገን» ተባለ። በ9ኛው ደግሞ በሩ ተጠገነ ተብሎ ሪፖርት ቀረበ፤ ስለ መዋጮ ግን ማንም አንድ ቃል አልተናገረም። ሁለቱ ነገሮች የተገናኙት በድምሩ ላይ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊ ይፈተናል። «እንግዲህ ሙሉውን ይከፍላሉ» ብዬ ብጽፍ ምክንያታዊ ነበር። ግን ያን ያለ ሰው የለም። ስለዚህ በጥያቄ ተውኩት። ድምር ማጠቃለያ ያልተባለውን ሊያሳይ ይችላል፤ ሊወስን ግን አይችልም።

አንድ ነገር ደግሞ ከመደመር በፊት መጽዳት አለበት፤ ቀን ነው። ስልኬ ቀረጻውን `20250112_0930` ብሎ ያስቀምጠዋል። እኛ ያን ቀን ጥር 4 እንላለን፤ ሰዓቱም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ግማሹን በስልኩ አቆጣጠር፣ ግማሹን በራሳችን ከጻፍኩ ቅደም ተከተሉ ይዛባል፤ የትኛው የትኛውን እንደሻረም አይታወቅም። «በሚቀጥለው እሁድ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በዕለቱ ገጽ ላይ ይገባል፤ በድምሩ ላይ ግን የየትኛው ሳምንት እሁድ እንደሆነ ማን ያውቃል? ስለዚህ ገና በየገጹ ላይ እያለ ወደ ቀን እለውጠዋለሁ።

የብዙ ቀን ኮርስ ማጠቃለያዎችን ለመደመርም ነገሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ ውሳኔ ሳይሆን እርማት መፈለጉ ነው። አሠልጣኙ በ3ኛው ቀን የተናገረውን የማዳበሪያ መጠን በ7ኛው ቀን ካረመው፣ በድምሩ ላይ የሚጸናው የ7ኛው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን የጻፈ ሰው ሠልጣኙን ማሳው ላይ ግራ ያጋባዋል።

ድምሩ ትክክል መሆኑን የማረጋግጠው በሁለት አቅጣጫ ነው። መጀመሪያ ከድምሩ አምስት መስመር እመርጥና ወደ ቀረጻው ወርጄ በትክክል እንደዚያ ተብሎ እንደሆነ አዳምጣለሁ። ይህ የተጨመረውን ያወጣል። የወደቀውን ግን አያወጣም። ለእሱ በተቃራኒው እሄዳለሁ፤ ከ1ኛውና ከ2ኛው ስብሰባ ገጽ ላይ ሥራ የተሰጣቸውን ሰዎች እዘረዝርና እያንዳንዱ ሥራ በድምሩ ላይ አለ ወይ ብዬ እፈልጋለሁ። የቆየው ነው ቶሎ የሚጠፋው። እኔ ዘንድ በኅዳር ለአንድ አባል የተሰጠ የአካፋ ግዢ ጠፍቶ ነበር። ገንዘቡን ተቀብለዋል፤ ስለ አካፋው ግን ከ2ኛው ስብሰባ ወዲህ የጠየቃቸው የለም። ሲጠየቁ አካፋዎቹ ተገዝተው ቤታቸው ተቀምጠው ነበር።

በመጋቢት 28 ስብሰባ ያልተዘጉትን መስመሮች ብቻ አነበብኩ። ስለ ግማሽ ክፍያው ጥቂት ከተከራከሩ በኋላ፣ የቦዩ ጫፍ ሰዎች ከቀጣዩ ጽዳት ጀምሮ እንደ ሌላው ይክፈሉ ተባለ። ማታ ቤቴ ገብቼ ያንን መስመር «ያልተዘጋ» ከሚለው አወጣሁት። ግማሽ ክፍያውን «የተሻረ» ከሚለው ሥር፣ ከ100 ብሩ ቀጥሎ ጻፍኩት፤ 11ኛ ስብሰባ፣ 34ኛ ደቂቃ።